ሰማንያኛው ቀን በጆሃንስበርግ

በክርስትና ድግስ ላይ አያት የሚናገረው ንግግር አጭር ነው። ሰው ከበላ በኋላ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ከዚያ ሽማግሌው ይነሣል፤ እጅ ይዘረጋል፤ «አሜን» ይባላል፤ ቡና ይቀርባል። አገር ቤት ይህ ንግግር ከምርቃት ብዙም አይዘልም። ሕፃኑ አጎትና አክስት፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት መካከል ስለሚያድግ «ማን ያሳድገዋል?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም። ጆሃንስበርግ ላይ ግን ያው ምርቃት ሌላ ሥራ ይጨመርበታል።

አያትየው ከሰሜን ሸዋ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ከከተማው ወጣ ባለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው፤ እዚያ «ስፓዛ» የሚሉትን። ዕቃውን የሚያመጣው መሐል ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ፎቅ በፎቅ ከሞሉት ከጄፒ መንገድ ነው። የልጅ ልጃቸው በተወለደች በሁለተኛው ቀን አያት በአውሮፕላን ደረሱ። የጎብኚ ቪዛቸው የዘጠና ቀን ነው።

ቀኑን የቆጠሩት ገና ሲገቡ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት ገቡ ይላልና ሥርዓቱ ያንን ይከተላል። ሕፃኗ ወንድ ብትሆን ኖሮ አያት ከክርስትናው በኋላ ከሃምሳ ቀን በላይ ይቀራቸው ነበር። ሴት ስለሆነች በክርስትናዋ ዕለት የቀራቸው ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። እናም ንግግራቸው የሚሄድ ሰው ንግግር መሆኑን ከመነሣታቸው በፊት ያውቁታል።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሕፃኗን ያቀፈችው ክርስትና እናቷ ናት። ሕፃን መናገር ስለማይችል ክርስትና እናት በእሷ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች። ከዚያ ጥምቀቱ፣ ቅብዐ ሜሮኑ፣ ነጭ ልብሱ፣ የአንገት ማዕተቡ፣ በመጨረሻም ቅዱስ ቁርባኑ ይከተላል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለቱ ዘመድ ናቸው፤ የክርስትና እናት ልጅና የክርስትና ልጅ አይጋቡም። ቤተ ክርስቲያን ዝምድናውን እንደ ሥጋ ዝምድና ነው የምትቆጥረው።

ይህች ክርስትና እናት የጉራጌ ልጅ ናት፤ ጄፒ ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ ትሸጣለች። ለሕፃኗ አባት ዕቃ በዱቤ እየሰጠች ነው የተዋወቁት። አያት መጀመሪያ ያገኟት ቀን እንደ ማንኛውም ሽማግሌ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁ። የአባቷንም የአገሯንም ስም ነገረቻቸው፤ አንዱንም አላወቁትም። አገር ቤት ቢሆን የሁለቱ ቤተሰብ ጠባይና ዘር ተጠይቆ፣ ተጠንቶ ነበር ክርስትና የሚሰጠው። እዚህ የሚጠየቅ ሽማግሌ የለም። ያለው ምስክር የዱቤ ደብተሩ ነው፦ ሦስት ዓመት ዕቃ ሰጥታ፣ ክፉ ወር ሲመጣም ታግሣለች።

እንግዳው በልቶ ሲጨርስ አያት ተነሥተው የተናገሩት ይህን ያህል ነው፦

«ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ ይመስገን። የዚህች ልጅ ስም ከአባቷ ስም ቀጥሎ በእኔ ስም ያልቃል። እዚህ አገር የእኔን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው በክትባት ደብተሯ ላይ ጽፈውታል፤ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ስም ግን ሕፃን አያቅፍም። እኔ ወደ አገሬ እገባለሁ። የሷ አያት እዚያ ነው፤ ክርስትና እናቷ ግን እዚህ ናት። የመጣሁ ሰሞን የማን ልጅ ነሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አልጠይቅሽም፤ የእኛ ነሽ። አባቷ ሱቅ ሲያመሽ፣ እናቷ ሲደክማት፣ በሯን አንኳኪ። ጠዋት በአፍሽ ያመንሽላትን ስታድግ በአፏ እንድትለው አስተምሪያት። እናንተም ሰምታችኋል። ልጄ እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ክፉ አይንካሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።»

«አሜን» ተባለ። ከሆሳዕና የመጡት የጴንጤ ጎረቤቶችም አብረው አሉ። ክርስትና እናት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ንግግሩ ውስጥ ያልተባለው ነገር ከተባለው ይበልጣል። በምርቃት ላይ ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 በአሌክሳንድራ ተነሥቶ በየሰፈሩ የተዛመተው የውጭ አገር ሰዎች ጥቃት ከስልሳ በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትንም አፈናቅሏል። ከዚያም ወዲህ የሱቅ ዘረፋና ግድያው አልቆመም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ በሱቁ ውስጥ የተገደለ ወይም የተዘረፈ ሰው ያውቃል። አያት «ልጄ ቢሞት» አላሉም፤ «ሱቅ ሲያመሽ» አሉ። የሰማው ሁሉ ገብቶታል። «ክፉ አይንካሽ» የሚለው የተለመደ ቃል በዚያ ቤት ልማድ አልነበረም።

«እናንተም ሰምታችኋል» ያሉትም ለወግ አይደለም። ክርስትና የሚሰጠው ለሀብታም ነጋዴ ሲሆን፣ ሽልማቱ ሐብልና ቀሚስ ሆኖ ያልቃል፤ ሰውየው ደግሞ ኬፕታውን ወይም ሌላ አገር ሲገባ ዝምድናው ይጠፋል። ልዩነቱ በዓመቱ ይታወቃል፦ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሕፃኗን ማን ይዟት ቤተ ክርስቲያን ሄደ? እናቷ ስትታመም ማን መጣ? ምስክር ባለበት የተሰጠ አደራ ግን ቢዘነጋ የሚያስታውስ ሰው አለ። አያት የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ጠያቂውን እዚያው በክፍሉ ውስጥ ሾመው መሄድ ነበረባቸው።

አደራው የማይደርስበት ቦታም አለ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ክርስትና እናት ለሕፃኗ ምንም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሕፃናት ሕግ ወላጅ ከሞተ በኋላ ልጁን የሚያሳድግ ሞግዚት በኑዛዜ መሾም እንደሚችል ይፈቅዳል፤ በቃል የተሰጠ አደራ ግን ኑዛዜ አይሆንም። እንግዳው ሲበተን ይህን ለአባትየው የነገረው ከነጋዴዎቹ አንዱ ነው፤ የሟች ጓደኛው ልጆች ጉዳይ ሲንገላታ አይቷል። አያት መጀመሪያ አልወደዱትም። በሕይወት ያለ ሰው ስለ ሞቱ ወረቀት መጻፉ ሟርት መሰላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ራሳቸው አነሡት፦ «እኔ በቃል ያልኩትን አንተ በወረቀት በለው» አሉት ልጃቸውን።

እሳቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ አባትየው ኑዛዜውን በሁለት ምስክር ፊት ፈረመ። ሕፃኗ ወደ መዋያ ስትገባ ከተሞላው ቅጽ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ ከወላጆች ሌላ ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው፣ ከልጁ ጋር ያለው ዝምድና። እናትየው የክርስትና እናቷን ስም ጻፈች። «ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይ «አክስት» አለች፤ ቅጹ ለሌላው ስም ቦታ አልነበረውም።