ትንሿ ቁጥር የያዘችው ነገር

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከቁጥር ጋር ያለን ዝምድና የሩቅ ዘመድ ዓይነት ነው፤ ለቅሶና ሠርግ ካልሆነ አንገናኝም። አሁን ግን ቁጥር ራሱ ደጃችን ድረስ መጥቷል። የብዙ ጽሑፎችን ቃላት በኮምፒውተር አስቆጥረው «ይህ ከዚያ ይመሳሰላል» የሚሉ ጥናቶች እጃችን ገቡ። ከብዙዎቹ ሥር ያለውን ዘዴ ብንጠይቅ ስሙ ሲንጉላር ቫልዩ ዲኮምፖዚሽን ነው አሉን። ትልቅ ማትሪክስ ወስዶ ዋና ዋናውን ያስቀራል፣ ሌላውን ይጥላል። ታዲያ የሚጣለው ምንድን ነው? ይህን ሳናውቅ ውጤቱን ማመን አልሆንልን አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን።

ምሳሌያችን ትንሽ ነው። ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አሉ እንበል። አንደኛው ስለ ጭሰኛና ስለ መሬት፣ ሁለተኛው ስለ ገበሬና ስለ መሬት ያወራል። ረድፉን ለቃላት፣ ዓምዱን ለጽሑፎች ሰጥተን፣ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደገባ ብንጽፍ እንዲህ ይሆናል።

```
ጭሰኛ   1   0
ገበሬ    0   1
መሬት   1   1
```

ሦስት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ፤ ጐኖቹ እኩል አይደሉም። ዘዴው ግን ይህን አይመርጥም፤ ማንኛውንም ማትሪክስ እንደ እንጀራ ድርድር ወደ ንብርብሮች ይፈታዋል። እያንዳንዱ ንብርብር ሦስት ነገር አለው፦ የቃላት ድርሻ ዝርዝር፣ የጽሑፎች ድርሻ ዝርዝርና የንብርብሩን ክብደት የሚናገር አንድ ቁጥር። ሲንጉላር ቫልዩ የሚሉት ይህንን ቁጥር ነው። ንብርብሮቹ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይደረደራሉ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው አይደግምም። ሁሉም ሲደመሩ ማትሪክሱ እንደነበረ ይመለሳል።

ክብደቶቹን ለማግኘት ዓምዶቹን እርስ በርስ አባዛናቸው። አንደኛው በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 2 ይሰጣል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። አንዱ በሌላው ሲባዛ ግን 1 ብቻ ነው፤ የጋራቸው «መሬት» ብቻ ነውና። ከዚህ ሁለት መንገድ ይወጣል። ሁለቱን ጽሑፎች የሚደምረው መንገድ ዋጋው 2+1=3 ነው። አንዱን ከሌላው የሚቀንሰው መንገድ ዋጋው 2−1=1 ነው። የእነዚህ ስኩዌር ሩት ሲንጉላር ቫልዩዎቹ ናቸው፦ 1.73 ገደማና 1።

በከባዱ ንብርብር ውስጥ ጭሰኛ 1 እጅ፣ ገበሬ 1 እጅ፣ መሬት 2 እጅ ድርሻ አላቸው፤ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ናቸው። እሱን ብቻ አስቀርተን ቀላሉን ብንጥል የሚቀረን ይህ ነው።

```
ጭሰኛ   0.5   0.5
ገበሬ    0.5   0.5
መሬት   1     1
```

እዚህ እያንዳንዱ ረድፍ የሌላው ብዜት ነው፤ ራንኩ 1 ሆኗል የሚባለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ካርል ኤካርትና ጌል ያንግ የተባሉ ሰዎች ሳይኮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳዩት ነገር አለ። በየሳጥኑ የተፈጠረውን ልዩነት በራሱ አባዝተን ብንደምር፣ በዚያው ራንክ ከዚህ የሚሻል ቅጂ ማንም አያመጣም። በእኛ ማትሪክስ አራት ሳጥኖች በ0.5 ተሳስተዋል፤ ድምሩ 4 ጊዜ 0.25፣ ማለት 1 ነው። ይህም የጣልነው ሲንጉላር ቫልዩ በራሱ ሲባዛ የሚሰጠው ነው። የዋናው ማትሪክስ ድምር 4 ስለሆነ 3ቱ ተርፏል፤ 75 በመቶ።

ጥቅሙን አንክድም። በመጀመሪያው ማትሪክስ «ገበሬ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አንደኛውን ጽሑፍ አያገኘውም፤ ቁጥሩ 0 ነው። አሁን 0.5 ሆኖለታል። ጭሰኛና ገበሬ በአንድ ጽሑፍ ላይ ተገናኝተው አያውቁም፤ ያስተዋወቃቸው መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ስኮት ዲርዌስተርና ባልደረቦቹ ጽሑፍ ለመፈለጊያ ያቀረቡት ዘዴ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ጣልነው እንመለስ። ቅጂውን ከዋናው ማትሪክስ ብንቀንስ ይህ ይወጣል።

```
ጭሰኛ   +0.5   −0.5
ገበሬ    −0.5   +0.5
መሬት    0      0
```

ይህ ንብርብር የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸሐፊው «ጭሰኛ» አለ ወይስ «ገበሬ»? ለእኛ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭሰኛ በሰው መሬት ላይ አርሶ ከምርቱ የሚገብር ነው፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ያስቀረው ይህንን ግንኙነት ነበር። ሁለቱ የሚያርሱት አፈር አንድ ሊሆን ይችላል፤ እህሉ የሚገባበት ጎተራ ግን አንድ አይደለም። ቅጂው «ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ናቸው» ብሎ አረፈው።

የሒሳብ ተማሪ የሆነ ወዳጃችን ይህን ስናሳየው ሳቀብን። «75 በመቶ እኮ ትንሽ ነው፤ ከ90 በላይ ሲሆን ትተማመናላችሁ» አለ። እሺ ብለን «መሬት» በእያንዳንዱ ጽሑፍ 5 ጊዜ እንዲገባ አደረግን። ዓምዶቹ በየራሳቸው ሲባዙ 26፣ እርስ በርስ ሲባዙ 25 ሰጡ። ሁለቱ ዋጋዎች 51ና 1 ሆኑ። ከ52 ላይ 51 ተረፈ ማለት ነው፤ 98 በመቶ! ወዳጃችን ደስ አለው። እንግዲያው የተጣለውን እንየው አልነው። ቀንሰን ብናይ ያው 0.5፣ ያው −0.5፣ ያው በመሬት ረድፍ 0። አንዲት ነጥብ እንኳ አልተለወጠም። «ለካ መቶኛው ያደገው መሬት ስለበዛ ነው፤ ጭሰኛና ገበሬ ስለተለዩ አይደለም» አለን። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ሚዛኑ የሚመዝነው ድግግሞሽን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ ቃል በሚዛኑ ላይ ላባ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። «መሬት»ን ጨርሰን ብናወጣው ሁለቱ ሲንጉላር ቫልዩዎች 1ና 1 ይሆናሉ። አሁን የትኛው ይቅር? ጭሰኛን ማስቀረትም፣ ገበሬን ማስቀረትም፣ ሁለቱን ማደባለቅም እኩል «ምርጥ» ነው። ክብደቶቹ በተጠጋጉበት ቦታ መቍረጥ እንግዲህ እንደ ዕጣ ነው፤ አንድ ቃል ቢጨመር ቢቀነስ ውጤቱ ይገለበጣል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? እንዳደረግነው ቀንሶ በማየት ነው። በቀሪው ውስጥ መደመርና መቀነሱ ያለ ሥርዓት ከተበተነ፣ የተጣለው ኮተት ነው ቢባል ያስኬዳል። መደመሩ በአንድ ወገን ቃላትና ጽሑፎች፣ መቀነሱ በሌላው ወገን ከተሰለፈ ግን እዚያ ነገር አለ። እርግጥ ነው፣ 10,000 ቃልና 1,000 ጽሑፍ ሲሆን ማትሪክሱ 10 ሚሊዮን ሳጥን አለውና በዓይን አይታይም። 100 ንብርብር ብቻ ማስቀረት ይህን ወደ 1.1 ሚሊዮን ቁጥር ያወርደዋል፤ የሚያጓጓውም ይኸው ነው። ቢሆንም ከመቍረጫው ቀጥለው ያሉትን ጥቂት ንብርብሮች አውጥቶ፣ በየዳርና ዳራቸው የተቀመጡትን ቃላት ማንበብና ወደ ጽሑፎቹ መመለስ ይቻላል። ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው፤ ማሽኑ «ጭሰኛ» ምን ማለት እንደሆነ ከቁጥሩ አያነብልንም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ «98 በመቶውን ይዘናል» የሚል ጥናት ሲመጣልን ከንባብ ክፍል አናባርረውም። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀዋለን፦ እስቲ ሁለቱን አሳየን።