ሦስት ዓመት ያገለገለችውን ሁለት ዓመት ያልኩበት ቀመር

አንዲት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሊከፈላት ከሚገባው የስንብት ክፍያ የአሥር ቀን ደመወዝ አጉድዬባታለሁ። ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ስትጠይቀኝም ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብደኛል።

በጊዜው የምሠራበት ድርጅት ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሠራተኛ ሲቀንስ የአገልግሎት ዘመን የማስላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ሁለት ዓመት ያገለገለ የ40 ቀን፣ ሦስት ዓመት ያገለገለ የ50 ቀን ያገኛል ማለት ነው። የቅጥር ቀኑን በ`B`፣ የመጨረሻውን የሥራ ቀን በ`C` ዓምድ አስገብቼ፣ ከባልደረባ ያገኘሁትን ቀመር ከላይ እስከ ታች ዘረጋሁት፦

```
=DATEDIF(B2,C2,"Y")&" ዓመት "&DATEDIF(B2,C2,"YM")&" ወር "&DATEDIF(B2,C2,"MD")&" ቀን"
```

ክፍያውን ያሰላሁት ከዚህ ውስጥ ሙሉ ዓመቱን ብቻ ወስጄ ነው። ሴትዮዋ የተቀጠረችው ማርች 1 ቀን 2020 ሲሆን የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 ነበር። በወረቀቷ ላይ የወጣው «2 ዓመት 11 ወር 27 ቀን» ይላል። መጥታ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሦስት ዓመቴን ሞልቻለሁ» አለችኝ። እኔም ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ሳላያት፣ «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላው ነው፤ አይሳሳትም» አልኳት። ፈርማ ሄደች።

ትክክሏ እሷ ነበረች። ለማወቅ ተራ መቀነስ ይበቃ ነበር። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 አንድ ተብሎ ይጀምርና በየቀኑ አንድ ይጨምራል። ማርች 1 ቀን 2020 በዚህ አቆጣጠር 43891 ነው፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 ደግሞ 44985። ሲቀናነሱ 1094 ይሆናሉ። ግን መቀነስ የሚነግረን በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ሠራተኛዋ ደግሞ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ቀን ሥራ ገብታለች። ስለዚህ አንድ መደመር አለበት፦

```
=C2-B2+1
```

1095 ቀን፣ ማለትም ሦስት ጊዜ 365፣ ሙሉ ሦስት ዓመት። `DATEDIF`ም ያው ርቀት ቆጣሪ ነው። የመጨረሻውን ቀን እንደተሠራ ቀን አይቆጥረውም፤ ዓመት ሞላ የሚለው ማርች 1 ሲደርስ ብቻ ነው። ይህ የፈንክሽኑ ስህተት አይደለም፤ ምን እንደሚቆጥር ሳልጠይቅ ያመንኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ አንድ ቀን ጨምሬ `C2+1` ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሦስት ዓመት ከዜሮ ወር ከዜሮ ቀን ይለኝ ነበር።

ስህተቱን ያገኘሁት በራሴ ትጋት አይደለም። ክፍያው ካለቀ በኋላ የሂሳብ ክፍል ባልደረባዬ ዝርዝሩን ስታመሳክር አንድ መስመር ላይ ቆመች፦ «3 ዓመት 1 ወር -2 ቀን»። «የሚቀነስ ቀን ደግሞ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሠራተኛው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ተቀጥሮ፣ ንብረት ለማስረከብ ስለቆየ ማርች 1 ቀን 2023 ነው የወጣው። ችግሩ ያለው `"MD"` የተባለው መለኪያ ላይ ነው። የተረፉትን ቀናት ለማግኘት ኤክሴል ከመውጫው ወር አንድ ወር ወደኋላ ይሄድና የቅጥሩን ቀን እዚያ ወር ላይ ይተክለዋል። ፌብሩዋሪ ላይ 31ን ሲተክል ወሩ አይበቃውም፤ ሦስቱ ቀን ወደ ማርች ይፈስና ማርች 3 ይሆናል። ከማርች 1 ላይ ማርች 3 ሲቀነስ -2 ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ቀን መጨመር ብቻውን አያድንም፤ ውጤቱ -1 ይሆናል እንጂ አይቃናም።

የመቀነስ ምልክት ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ዜሮው ነው። ያው ሰው ጃንዋሪ 29 ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ቀመሩ «1 ወር 0 ቀን» ብሎ ያልፈው ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማይክሮሶፍት ራሱ `"MD"` ከዜሮ በታች፣ ዜሮ ወይም የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ገልጾ እንዳንጠቀምበት ይመክራል። `DATEDIF` ኤክሴል ውስጥ የቆየው ሎተስ 1-2-3 በተባለው አሮጌ ፕሮግራም የተሠሩ ሰነዶች እንዲሠሩ ነው፤ ስሙን መጻፍ ስትጀምሩ እንደሌሎቹ ፈንክሽኖች በጥቆማ ዝርዝሩ ውስጥ አይመጣም። ይህን ምልክት አይቼዋለሁ፤ ለምን እንደማይመጣ ግን አልጠየቅኩም።

አሁን ዓመቱንና ወሩን በ`DATEDIF` እያሰላሁ፣ ቀኑን በመቀነስ አወጣለሁ። `EDATE` ከቅጥሩ ቀን ተነስቶ የሞሉትን ወራት ይቆጥራል፤ ወሩ አጭር ከሆነም በወሩ መጨረሻ ላይ ይቆማል እንጂ ወደሚቀጥለው አያፈስም፦

```
=DATEDIF(B2,C2+1,"Y")
=DATEDIF(B2,C2+1,"YM")
=C2+1-EDATE(B2,DATEDIF(B2,C2+1,"M"))
```

ለዚያ ሠራተኛ ሦስተኛው መስመር 2 ይሰጣል፦ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ከሁለት ቀን። ውጤቱ በ1900 ያለ ቀን መስሎ ከታየ ስሌቱ አልተበላሸም፤ የሴሉን ፎርማት `General` ማድረግ ይበቃል። ጠቅላላውን ቀን ለ365 ማካፈል ግን ለማመሳከሪያ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም፤ መሐል ላይ ፌብሩዋሪ 29 ከገባ ዓመቱ 366 ቀን ስለሚሆን ውጤቱ ትንሽ ከፍ ይላል።

ዝርዝሩን እንደገና ስሠራው በወር መጀመሪያ ተቀጥረው በወር መጨረሻ የወጡ ሌሎችም አንድ ዓመት ጎድሎባቸው አገኘሁ። ለአለቃዬ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ የተገኙት ልዩነቱ ተከፈላቸው። እሷ ግን በተመዘገበው ስልኳ አልተገኘችም። ወረቀቷ በእኔ ፊርማ አሁንም ማኅደሯ ውስጥ «2 ዓመት» እንዳለ ነው፤ የማስተካከያው ደብዳቤ ከኋላው ተያይዟል።

ያን ቀን የሆነው የቀመር ስህተት ብቻ አልነበረም፤ በእጇ ያለውን ወረቀት አንብባ፣ በጣቷ ቆጥራ የመጣችን ሰው በማሽን ስም ዝም ያሰኘሁበት ነበር። አንድ ደቂቃ ወስጄ አብሬያት ብቆጥር ይገለጥልኝ ነበር።

የአገልግሎት ዘመን የምታሰሉ ሁሉ፣ ቀመሩን ወደታች ከመዘርጋታችሁ በፊት የመጀመሪያው መስመር ላይ ማርች 1 ቀን 2020ንና ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023ን አስገብታችሁ ሞክሩት። ሦስት ዓመት ካላለ ማንንም አታስፈርሙ።