የዴሞ አካውንት ኪሳራ ለምን አያምም?

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ሻይ ቤት ከወጣቶች አጠገብ የተቀመጠ ሰው «ፎሬክስ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይነሳም። ልጆቻችን በስልካቸው የዶላርና የዩሮ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እየተከተሉ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ዴሞ አካውንት በሚባለው ነው። ዴሞ ላይ የሚታየው ዋጋ የእውነተኛው ገበያ ዋጋ ነው፤ ገንዘቡ ግን ለልምምድ የተሰጠ ቁጥር እንጂ ገንዘብ አይደለም። ልጁ ቢያተርፍ አይከፈለውም፣ ቢከስር አይከፍልም።

ነገሩ ለገጠራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በታኅሣሥ በቆሎ ሲረክስ «አሁን ሃያ ኩንታል ገዝቼ ለሐምሌ ባቆየው ይህን ያህል አተርፍ ነበር» ብሎ በሐሳቡ የማያሰላ ሰው የለም። ሐምሌ ሲደርስ ዋጋው በእርግጥ ይወደድና ሰውዬው «አላልኳችሁም?» ይላል። በሐሳቡ ጎተራ ውስጥ ግን ነቀዝ አልገባም፤ የጆንያና የጫኝ አልተከፈለም፤ የልጅ ሕመም መጥቶ በመጋቢት በርካሽ አልተሸጠም። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ሰውዬው ግን አልተፈተነም። ዴሞ አካውንትም እንደዚሁ ነው።

ይህን የምጽፈው የእህቴ ልጅ ስላስጠናኝ ነው። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ የቆየ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። እናቱ ከቡሬ ወጣ ባለ ቀበሌ በርበሬ ታመርታለች። አንድ ቀን 30 ሺህ ብር እንድትሰጠው ጠየቃትና እሷም «እትዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እይልኝ» ብላ ወደ እኔ ላከችው።

ስልኩን አሳየኝ። በዴሞው ላይ 10 ሺህ ዶላር አለ። EUR/USD በሚባለው የዩሮና የዶላር ጥንድ ላይ አንድ ሎት ገዝቶ በአርባ ደቂቃ 350 ዶላር አትርፏል። ለእናቱ በ150 ብር መንዝሮ «52 ሺህ 500 ብር በአርባ ደቂቃ» ብሏታል። ከዓመት የበርበሬ ልፋቷ ጋር ብታነጻጽረው ምን ይፈረድባታል?

ቁጥሩን ቀስ ብለን እንመልከተው። አንድ ሎት ማለት 100 ሺህ ዩሮ ነው። ዋጋው ከነጥብ በኋላ በአራተኛው ቤት አንድ ሲንቀሳቀስ አንድ ፒፕ ይባላል፤ በአንድ ሎት አንድ ፒፕ 10 ዶላር ነው። ልጁ 35 ፒፕ ስላገኘ 350 ዶላር ሆነለት። የእናቱ 30 ሺህ ብር ግን 200 ዶላር ነው፤ ከዴሞው ሃምሳ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ በተመሳሳይ መጠን ቢነግድ የሚይዘው 0.02 ሎት ነው፣ ትርፉም 7 ዶላር፣ ማለትም 1 ሺህ 50 ብር ይሆናል። ያው ችሎታ፣ ያው አርባ ደቂቃ ነው።

አደጋው የሚመጣው ልጁ በ7 ዶላር ሳይረካ ሲቀር ነው። አገናኝ ድርጅቶቹ «ሌቨሬጅ» የሚሉት ብድር መሰል ነገር አላቸው። አንድ ለ500 ከሆነ 200 ዶላር ያለው ሰው 0.20 ሎት፣ ማለትም 20 ሺህ ዩሮ፣ ለመግዛት 40 ዩሮ ማስያዝ ብቻ ይበቃዋል። ያኔ አንድ ፒፕ 2 ዶላር ይሆናል። ዋጋው 35 ፒፕ ቢገለበጥበት 70 ዶላር፣ ማለትም ካለው ከሲሶው በላይ ይሄዳል። 100 ፒፕ ቢገለበጥ የበርበሬው ገንዘብ አለቀ። ይህ ጥንድ በአንድና በሁለት ቀን 100 ፒፕ መሄዱ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ዴሞውን አልከለከልኩትም፤ አዲስ እንዲከፍት ነገርኩት። አካውንቱ ሲከፈት የመነሻ ገንዘቡን መጠን ይጠይቃል፤ 200 ዶላር አደረገው። ይህን የማይፈቅድ ድርጅት ቢሆን ኖሮ የቀረውን እንደሌለ ቆጥሮ ሒሳቡን በደብተር መያዝ ይችል ነበር። በአንድ ንግድ ከመቶ አንድ፣ ማለትም ከ2 ዶላር በላይ እንዳይከስር ወሰንን። በትንሹ መጠን፣ በ0.01 ሎት፣ አንድ ፒፕ 10 ሳንቲም ስለሆነ 2 ዶላር ማለት 20 ፒፕ ነው። ስለዚህ በገዛ ቁጥር ከገዛበት 20 ፒፕ ዝቅ ብሎ «ስቶፕ ሎስ» የሚባለውን ማቆሚያ ያስቀምጣል፤ ዋጋው እዚያ ሲደርስ ንግዱ በራሱ ይዘጋል። ከመግዛቱ በፊት ለምን እንደሚገዛ፣ የት እንደሚያቆምና የት እንደሚወጣ በደብተር ይጽፋል። ሲከስር አካውንቱን ሰርዞ አዲስ መክፈት የለም። በዴሞ ከሁሉ የከፋው ልማድ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነክቶ ኪሳራው ይጠፋል፣ ከኪሳራው ጋር ትምህርቱም ይጠፋል።

ሃያ ንግድ እንዲህ አደረገ። በ11ዱ አተረፈ፣ በ9ኙ ከሰረ። ያተረፈበት በአማካይ 40 ፒፕ፣ የከሰረበት 20 ፒፕ ነበር። ሲጠቃለል 260 ፒፕ፣ ማለትም 26 ዶላር ትርፍ ሆነ። ማቆሚያውን አንድም ጊዜ አልነካም። «አየሽ አክስቴ?» አለኝ።

የነርስ ተማሪ ሳለን መርፌ መውጋት የጀመርነው በብርቱካን ነው። ብርቱካን ጥሩ አስተማሪ ነው፤ መርፌው በምን ማዕዘን እንደሚገባና ጣት የት እንደሚያርፍ ያሳያል። ግን አይጮኽም፣ አይፈራገጥም፣ እናቱም ከጎኑ ቆማ አታይሽም። በብርቱካን እጇ ያልተንቀጠቀጠ ተማሪ የመጀመሪያው ሕፃን ፊት ሲቀርብ ይንቀጠቀጥባታል። የእህቴ ልጅ ሃያ ብርቱካን ወግቶ ነበር።

ለቀጣዩ ሃያ ንግድ አንድ ነገር ብቻ ቀየርን። ዴሞው ያው ዴሞ ነው። ነገር ግን በከሰረ ቁጥር የኪሳራውን ልክ ከኪሱ በብር ለእናቱ ያስረክባል፤ ባተረፈ ቁጥር ከዚያው ከተጠራቀመው ትመልስለታለች። ሁለት ዶላር ከከሰረ 300 ብር ነው። ገንዘቡን የሚያገኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነት በማገዝ ስለሆነ 300 ብር ምን እንደሆነ ያውቃል።

በሁለተኛው ሃያ በ12ቱ አተረፈ፤ ከበፊቱ በአንድ ይበልጣል። ነገር ግን ያተረፈበት በአማካይ 14 ፒፕ ብቻ ሆነ፤ አረንጓዴ ቁጥር ባየ ቁጥር «እንዳይጠፋብኝ» ብሎ ይዘጋል። ከከሰረባቸው 8 ውስጥ አምስቱ እንደታቀደው በ20 ፒፕ ቆሙ። በሦስቱ ግን «ትንሽ ብታገሰው ይመለሳል» እያለ ማቆሚያውን ወደ ታች ገፋና በአማካይ 45 ፒፕ ከሰረ። ትርፉ 168 ፒፕ፣ ኪሳራው 235 ፒፕ ሆነ። ብዙ ጊዜ አሸንፎ በጠቅላላው 67 ፒፕ፣ አንድ ሺህ ብር ገደማ፣ ከሰረ።

አንድ ቀን ንግድ ከፍቶ ሳለ እጁን ይዤ የልብ ምቱን ቆጠርኩት። በመጀመሪያው ሃያ ጊዜ እንዲሁ ስቆጥረው 76 ነበር፤ ያን ቀን 108 ሆነ። ስለ ዩሮ ያለው እውቀት አልቀነሰም፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ሼፍሪንና ስታትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጠባይ ጽፈዋል፦ ሰው ያተረፈውን ቶሎ ይሸጣል፣ የከሰረበትን ታቅፎ ይቀመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኪሳራውን እስካልዘጋው ድረስ የከሰረ አይመስለውም።

ዴሞ ይህን መደበቁ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ የተገላቢጦሹን ያስተምራል። በዴሞ ላይ ማቆሚያ ሳያስቀምጥ የቆየ ልጅ ዋጋው ሲመለስለት ያያል፤ በአሥር ጊዜ ዘጠኙ ሊመለስ ይችላል። ልቡም «መታገስ ያዋጣል» የሚል ትምህርት ይይዛል። አሥረኛው የሚመጣው ደግሞ ትምህርቱ ከሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ከልብ ሌላ ማሽኑም ልዩነት አለው። ዴሞ ላይ ብዙውን ጊዜ በታየው ዋጋ ወዲያው ይገዛል። በእውነተኛው ግን የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ዘገባ በሚወጣበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 ወይም 10፡30 ላይ፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ 20 ፒፕ ላይ የተቀመጠው ማቆሚያ 30 ላይ ሊዘጋ ይችላል። የእኛ አካባቢ ሰው ኔትወርክንም መርሳት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። ማቆሚያው የሚቀመጠው በስልኩ ሳይሆን በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ መስመር ቢጠፋም ይሠራል። ያላስቀመጠ ግን ኔትወርኩ ሲመለስ ምን እንደቀረው ያያል። በዴሞ ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈው ነበር።

የአውሮፓ ገበያዎች ተቆጣጣሪ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዚህ ዓይነት ንግድ ከተሰማሩ የግለሰብ ሒሳቦች ከመቶ ከ74 እስከ 89 የሚሆኑት ከስረዋል። በዚያው ጊዜ ለዋና ዋና ገንዘቦች የሚፈቀደውን ሌቨሬጅ ወደ አንድ ለ30 አወረደው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዴሞ ላይ ጎበዝ ሳይሆኑ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ልጃችሁ ገንዘብ ሊልክለት ያሰበው ድርጅት ፈቃድ እንዳለውና የከሰረ ወይም የተካደ ሰው ለማን አቤት እንደሚል ገንዘቡ ከቤት ሳይወጣ መጠየቅ ይገባል። ዴሞ ሲከፈት ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ልጁም ድርጅቱን ከለመደው በኋላ መጠየቁን ይረሳዋል።

እህቴ 30 ሺህውን አልሰጠችውም፣ አልከለከለችውምም። ማቆሚያውን አንድም ጊዜ ሳይገፋ፣ ከእቅዱ በፊትም ሳይዘጋ፣ ከኪሱ እየከፈለ ሃያ ንግድ ሲጨርስ እንደገና እንነጋገራለን አለችው። ትርፍ አልጠየቀችውም፤ ቃሉን መጠበቁን እንጂ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሞክሮ አንዱ በሰባተኛው፣ ሌላው በአሥራ ሦስተኛው ንግድ ላይ ፈረሰ። ሁለቱንም ራሱ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ነገራት።

ልጃችሁ አረንጓዴ ቁጥር ይዞ ሲመጣባችሁ ስለ ዩሮ ባታውቁም የምትጠይቁት አላችሁ። ዴሞው ላይ ያለው ገንዘብ በእውነት ልታስገባ ካሰብከው ጋር እኩል ነው? ስንት ጊዜ ሰርዘህ ከፍተሃል? የከሰርክበትን ደብተር አሳየኝ፤ ማቆሚያውን የገፋህበት የትኛው ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚያሳየው ደብተር ከሌለው ገና ልምምድ አልጀመረም።