ከሃረና የመጣ እንግዳ ሲደርስ

በ1970ዎቹ ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ሹሙም፣ ወታደሩም፣ ከሩቅ አገር የተመደበው መምህርም፣ አቤት ሊል ከገጠር የሚወጣው ባላገርም እሷው ዘንድ ይገናኛል። ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች አንድ ሰላምታ ተምረን አልቀረንም። አያቴ ዘንድ ጉልበት ይሳማል። በአጥር የምንዋሰናቸው ሐጂ ዘንድ እጅ ይሳማል። ትምህርት ቤት ደግሞ ብድግ ብሎ በአንድ ድምፅ ነው። አንዱን ከሌላው ያደባለቀ ልጅ ይሳቅበታል፤ አንዱንም ያልያዘ ግን "ያልተቀጣ" ይባላል። ስድቡ ወደ ልጁ ይወርወር እንጂ የሚያርፈው እናቱ ላይ ነበር።

እናቶችም ይህን ስለሚያውቁ ልጁ አፍ ሳይፈታ ነበር የሚጀምሩት። ያዘሉትን ሕፃን ቀኝ እጅ ከነጠላው ሥር አውጥተው "በል፣ እማማን ሰላም በል" እያሉ ወደ ሰው ይዘረጉለታል። ግራውን ከሰደደ መልሰው ያስገቡታል። በእግሩ መሄድ ሲጀምር ትምህርቱ ይጠብቃል፦ ቀድሞ ሰላም የሚለው ትንሹ ነው፤ እጁን ቀድሞ የሚዘረጋው ግን ትልቁ ነው። ልጆች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነበር። ድምፅ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ወይ እጁን እንደ እኩያ ይወረውራል፣ ወይ አፍሮ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል።

ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈተነው እንግዳ ሲመጣ ነው። አባቴ ከደሎ መና በኩል የሚመጡ የቡናና የማር ወዳጅ ነበሯቸው፤ እስላም ኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው። የሃረናን ጫካ አቋርጠው፣ በሪራ ሽቅብ ወጥተው፣ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን ሜዳ አልፈው ነው ጎባ የሚወርዱት። ከቆላው ሙቀት ተነሥተው የሳነቴን ብርድ ጠጥተው ሲደርሱ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጋቢያቸው ጤዛ አዝሎ ነው። ከፈረስ ገና ሳይወርዱ የታላቅ ወንድሜ ሥራ ልጓም መያዝ ነበር። ፈረሱ እንደቆመ "አከም ኦልተኒ" ይላል፤ እንዴት ዋሉ ማለቱ ነው። ማለዳ ከሆነ "አከም ቡልተኒ" ነው። ለእኩያ የሚባለውን "ቡልቴ" ለእሳቸው ያለ ልጅ፣ በአማርኛ አያቱን "አንተ" ካለው አይሻልም።

ከወረዱ በኋላ የእኔ ተራ ነው። አያቴ ቢሆኑ ኖሮ ጉልበታቸውን ስሜ እጠብቃለሁ፤ ብብቴን ይዘው ያነሡኝና ጉንጬን ይስሙኛል። እኚህ ግን ቀኝ እጃቸውን ይሰጡኛል። እጃቸውን ስሜ ሳልለቅ፣ እሳቸው የእኔኑ ትንሽ እጅ ወደ አፋቸው ወስደው ይስማሉ። መልሼ እስማለሁ፤ መልሰው ይስማሉ። በመሐል "ነጋ? ፈያ?" እያሉ ስለ ደህንነቴ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጥጃችን ሳይቀር ይጠይቁኛል። ሁለት አዋቂዎች ሲገናኙ ደግሞ እያንዳንዱ የሌላውን እጅ ልሳም እያለ ስለሚታገል ትንሽ ግብግብ ይመስል ነበር። ጉልበት በሚሳምበት ቤት ላደገ ልጅ፣ የሽማግሌ ከንፈር የራሱ እጅ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድንጋጤ ልዩ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ የሐጂንና የእንግዳችንን አብልጬ እወድ ነበር፤ ትንሹም የሚከበርበት ነውና።

እጅ ቶሎ ከለቀቅሁ እናቴ ከኋላ ታየኛለች። አትናገርም። ቁንጥጫው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው፤ በሰው ፊት ልጅ መቅጣት ራሱ ነውር ነበርና። ጥፋቱም የሚታወቅ ነው፦ ቃሉን ውጦ ማጉረምረም፣ እጅ ሰጥቶ ዓይንን ውጭ ካለው ኳስ ላይ መጣል፣ ለጥያቄው መልስ ሳይጨርሱ መሮጥ፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማር ያመጣውን አስቀድሞ ሰላም ብሎ ሽማግሌውን ማስከተል።

ቤት ውስጥ ሰላምታው ወደ ሥራ ይለወጣል። እንግዳ ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ "ኖር" ብሎ ይነሣል፤ "በእግዜር" ይባላል። ልጅ ከሆንክ ተነሥተህ አትመለስም፤ መቀመጫህ የእንግዳው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዘህ፣ ፎጣ ትከሻህ ላይ ጥለህ፣ ከትልቁ ጀምረህ ታስታጥባለህ። ውኃው ቀጭን ሆኖ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት፤ ካንቦጫረቅህ እጅጌ ታረጥባለህ፣ ካቋረጥህ ሳሙናው እጅ ላይ ይቀራል። የታጠበው ሰው ሁሉ ይመርቅሃል። አማራው "እደግ" ይልሃል፣ ኦሮሞው "ጉደዹ" ይልሃል፤ ሁለቱም የሚመኙልህ ያው ማደግ ነው። ምርቃቱን ለመቁጠር ስንል ማን ያስታጥብ እያልን የተጣላንበት ቀን ብዙ ነው።

ከመምህር ጋር ያለው ነገር ግን ፍቅር አልነበረበትም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ክፍል ውስጥስ ቀላል ነው፤ አለቃው "ተነሡ!" ይላል፣ እኛም እየጎተትን "እንደምን አደሩ መምህር!" እንላለን፣ "ተቀመጡ" እስኪባል እንቆማለን። ጭንቁ መንገድ ላይ ነው። መምህር ከሩቅ ከታዩ ቆብ ይወልቃል፣ እጅ ከኪስ ይወጣል፣ የመንገዱን ዳር ለእሳቸው ለቅቆ ጎንበስ ይባላል። ይህን ያላደረገ በማግስቱ በሰልፍ ላይ ይጠራል። ያደረገም ቢሆን "በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ?" መባሉ አይቀርም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የመረጥነው ከአጥር ኋላ መደበቅን ነበር። እንዲህ ያለውን ሰላምታ አልናፍቅም። የማሳቀቅና የማክበር ልዩነት ለልጅ በደንብ ይገባዋል፤ ያኔም ገብቶን ነበር።

የእጅ መሳሳሙ ግን ይናፍቀኛል። እየሳሳ መሄድ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ግቢው በብሎኬት ሲታጠር ልጅ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር በቀን አምስት ጊዜ መገናኘቱ ቀረ፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ አይቶ የሚቆጣ መንገደኛም "ምን አገባህ?" መባል ጀመረ። ከዚያ መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። እጅ ለእጅ መነካካት ክልክል ሆነና ሰው በክርን፣ በደረት ላይ እጅ በመጫን፣ ራስ በመነቅነቅ ሰላምታ ተለዋወጠ። በሽታው ሲረግብ እኩዮች ወደ መጨባበጡ ተመለሱ፤ ሽማግሌ ሲያይ እጅ ለመሳም ጎንበስ የሚለው ሕፃን ግን አነሰ። በዚያ ዘመን አፍ የፈቱ ልጆች አሠራሩን ከማን ይዩት?

ያኔ የተተወው ሁሉ ይመለስ አልልም። ማንም ያገኘው ሰው ጉንጩን እንዲስመው የሚገደድ ልጅ ነበር፤ ባይፈልግ የሚሰማው አልነበረም። የዛሬ እናት "ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ" ስትል ምክንያት አላት።

ባለፈው ጎባ ስሄድ ግን አንድ ነገር አይቼ ስቄያለሁ። በጎረቤታችን በር ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ተቀምጦ ስልክ ያያል። ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡና ቆሙ።

"አንተ፣ ሰላምታ የለም?"

ልጁ ቀና አለ። "እማዬ የማላውቀውን ሰው አታናግር ብላኛለች።"

"ደግ አድርጋለች። በል እሷን ጥራት፣ እኔን ታውቀኛለች።"

እናትየው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። አዛውንቱን ስታይ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች፤ እሳቸውም የእሷን። ልጁ ስልኩን ዘቅዝቆ ይዞ ሁለቱን አፈራርቆ አየና፣ "እኔስ የቱን ልሳም?" አለ።