«ለመሸጥ» የምትለዋን ቃል አስወጫት

ሰሞኑን ውጭ ያሉ የድሮ ተማሪዎቼ ስለ ቤት ውክልና እየጠየቁኝ ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ መምህር ነኝ። በእህቴ ቤት የደረሰብንን ግን ልንገራችሁ።

እህቴ ዱባይ ነው ያለችው። ሞጣ ላይ በላቧ ያሠራችው ባለ አራት ክፍል ቤት አላት። እኔ ቢቸና ስለማስተምር፣ መንገዱም አንዳንዴ ስለሚዘጋ፣ በየጊዜው ሄጄ ማየት አልችልም። መጀመሪያ በደላላ፣ በቃል ብቻ አከራየነው። ተከራዩ ሁለቱን ክፍል ለሌላ ሰው አከራይቶ ሲበላ የሰማነው ከጎረቤት ነው። ሲወጣም የአራት ወር የውሃ ሒሳብ ጥሎ ሄደ። ቆጣሪው በእሷ ስም ስለሆነ ከፋይዋ እሷው ሆነች።

ከዚያ ለእኔ ውክልና ትላክልኝ ተባለ። ደላላው ያመጣው ረቂቅ «ለማከራየት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ አስይዞ ለመበደር፣ ሌላ ሰው ለመወከል» ይላል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያጽፈው» አለኝ። ደወልኩና «እቱ፣ ከማከራየትና ከማስተዳደር ውጭ ያለውን በሙሉ አስወጭው» አልኳት። አጎታችን ይህን ሰምተው «ወንድሟን አላምን አለች!» ብለው ተቀየሙ። እኔ ነኝ ያልኩት ብል ማን ይስማኝ! እኔም ሰው ነኝ፣ ሊቸግረኝ ይችላል። «ሌላ ሰው ለመወከል» ከተጻፈ ደግሞ ሥልጣኑ እሷ ወደማታውቀው ሰው ሊተላለፍ ነው።

በኋላ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አገላብጬ አየሁት። በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው። ቤት መጠበቅና ማደስ፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት እዚያ ውስጥ ይገባል። ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ግን በ2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ለመሸጥ» የምትለዋ ቃል ካልተጻፈች ወኪሉ መሸጥ አይችልም። ያቺን ቃል የምትጨምሩት እናንተው ናችሁ ማለት ነው። እህቴ ቆንስላው ዘንድ ፈርማ ላከች፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ መጣልኝ።

አዲሱን ተከራይ በጽሑፍ አዋዋልነው። ለሁለት ዓመት ነው፣ የሚያልቅበት ቀንም ተጽፏል። ቀኑ አልፎ ተከራዩ ሲቀመጥ ዝም ካላችሁ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራልና ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ሲሆን በቀጥታ በእህቴ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ በእኔም በደላላውም እጅ አያልፍም። ቅድሚያ የተቀበልነው የሁለት ወር፣ 12,000 ብር ነው። የኪራይ አዋጁም (1320/2016) ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ያለ ባለቤቷ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት እንደማይቻል፣ ይህን ካፈረሰም ውሉ እንደሚቋረጥ አስገባን።

ቁልፍ የሰጠሁት በርክክብ ወረቀት ነው። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ የመስታወቱ ብዛት፣ የተሰነጠቀችው የጓዳ በር ሳትቀር ተጻፈች፤ ሁለታችንም ፈረምን፣ በስልክም ፎቶ አነሳሁ። በየሦስት ወሩ የከፈለበትን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ይልክልኛል።

አጎታችን እስካሁን እንደተቀየሙ ናቸው። ለፋሲካ ሞጣ ስሄድ የውክልናውን ቅጂ ይዤላቸው እሄዳለሁ።