ማን ተወ ማን ብላችሁ አትጠይቁኝ

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጫቱ ገብቶ ካርቲየ 5 በመኪና ጥሩምባ ሲናጥ፣ ስልኬ ላይ አንዲት ቃል ገባች፦ «ተለያየን።» በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ላኪዋን ታውቋታላችሁ፣ እሱንም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ስም አልጠራም። ኮሜንት ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ካለ ወዲያው ነው የማጠፋው፤ አልቀልድም።

ሁለቱም ጓደኞቼ ናቸው። አዲስ አበባ ቢሆን አንዱ ጎሮ ሌላው ሽሮ ሜዳ ይገባና ዓመት ሳይተያዩ ይከርማሉ። እዚህ ጂቡቲ አበሻው ሁሉ ዘይት የሚገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። ዛሬ ለእሷ የምጽፈውን ነገ እሱ ማንበቡ አይቀርም። ከስክሪንሾት በቀር ሌላው ነገር ሁሉ እዚህ አገር በሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

እሺ፣ ምን ልጻፍላት? መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣው የሁላችንም ነው፦ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር የተሻለ አዘጋጅቶልሻል።» ልልክ ስል «የተሻለ» የምትለዋ ያዘችኝ። ከማን የተሻለ? ልጁ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁኮ! ደግሞ እስከ ዓርብ ታርቀው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢመጡ፣ መካከላቸው የምቀረው ጠላት እኔ ነኝ።

አጠፋሁትና «በጣም አዘንኩ፣ እንደ እናንተ የሚያምር ጥንድ አልነበረም፣ እስቲ ለጊዜው ረጋ በይ» አልኩ። ይኼኛው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። የተለያየችው እሷ ፈልጋ ከሆነ፣ የሚያምረውን ነገር አንቺ ሰበርሽው ማለቴ ነው። «ረጋ በይ» ደግሞ አጭር ትሁን እንጂ ምክር ናት። ያልተረጋጋች መሆኗን ማን ነገረኝ?

ሦስተኛው ይባስ፦ «ሁለታችሁንም እኩል ነው የምወዳችሁ፣ ወገን አልይዝም።» ጮክ ብዬ ሳነበው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ መሰለኝ። ልጅቷ ከማን ጋር ነሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ገና እያለቀሰች ያለችን ሰው ስለ እኔ አቋም እንድታስብ ማድረግ ምን ይባላል?

የሥራ ባልደረባዬ፣ ጂቡቲያዊቷ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግራ እያየች «ኩራዥ በያት!» አለችኝ። ፈረንሳይኛው ሲያጥር ደስ ይላል፤ ግን ያም ያው በርቺ ነው። መበርታት ያቃታትን ሰው በርቺ ስትሏት አሁን ሁለት ሥራ አላት፦ ማዘንና መበርታት።

ወይ ጉድ፣ ይኼን ስጽፍ የራሴ ትዝ አለኝ። እኔ ከፍቅረኛዬ ስለያይ የዚሁ ከተማ አንድ ጋሼ (እሳቸውንም አልጠራም) ሳልጠይቃቸው ሽማግሌ ሆነው መጡ። በዚያ ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ፣ እኔንና እሱን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ያለችኝን ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው ሲያበቁ «በሉ እስቲ፣ ማን ጀመረ?» አሉ። ማን ጀመረ! ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ የተደባደብን ይመስል።

እንግዲህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን የሚያቀርበው ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ሕጉ ራሱ ዳኞች አድርጓቸው ነበርና «ማን ጥፋተኛ ነው» ማለት ሥራቸው ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ጋሼ ይኼን ገና አልሰሙም። ደግሞ እኛ አልተጋባንምኮ! ውኃዬን ግን ጨረሱት። እስከ ዛሬ ያቺ ውኃ ታንገበግበኛለች።

ብቻ ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰዎች ሲለያዩ ስንሰማ ሁላችንም ዳኛ እንሆናለን፣ ሌላ ስላልለመድን ነው። ለቅሶ ቤት ስንገባ እኮ እንችልበታለን። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን ቁጭ ነው፤ ምን በልቶ ታመመ፣ ለምን ቀድማችሁ አላሳከማችሁትም የሚል ካለ በዓይን ይገረፋል። እንጀራ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ወንበር የሚደረድር አለ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለ። ለመለያየት ግን የሚባል ነገር ስላልተሰጠን ባዶውን ቦታ በፍርድና በምክር እንሞላዋለን።

ከለቅሶ ቤት ተበድሬ ይኼን ጻፍኩላት፦

«መልእክትሽ ደርሶኛል። ስለ መለያየታችሁ ማውራት ካሰኘሽ እሰማለሁ፣ ካላሰኘሽ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሽሮና እንጀራ በርሽ ላይ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ፣ መክፈት አይጠበቅብሽም። ይኼ መልእክት መልስ አያስፈልገውም።»

መጀመሪያ የየመኖቹ ዓሣ ነበር ያሰብኩት፣ ትወዳለችና። ግን በር ላይ የተንጠለጠለ ዓሣ በካርቲየ 5 ድመቶች ፊት ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሽሮ ይሁን።

እዩት አሁን። «ተለያየን» ብላ ነው የጻፈችልኝ፣ እኔም «መለያየታችሁ» አልኩ፤ ተውሽው ወይ ተወሽ ብዬ እሷ ያልነገረችኝን አልጨመርኩም። ምን ላድርግልሽ ብዬም አልጠየቅኳትም፤ በዚህ ሰዓት ለእኔ ሥራ መፈለግ ለእሷ ሌላ ሥራ ነው። የምመጣበትን ሰዓት ነገርኳት፣ በሩን መዝጋትም ቀድሜ ፈቀድኩላት። እሱን ስለ ማየቴም ምንም አላልኩም፤ «ትናንት አይቼው ደስተኛ ይመስል ነበር» የሚል ሰው ወሬ አቀባይ ነው እንጂ ጓደኛ አይደለም።

ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። መልእክቱን ገልብጬ በሴት ያለውን ሁሉ በወንድ ለወጥኩት፦ መልእክትህ ደርሶኛል፣ ካሰኘህ እሰማለሁ፣ በርህ ላይ። ሁሉም ልክ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ለእሱ ሲሆን ቢጎረብጠኝ ኖሮ ወገን ይዤ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ብገለብጠው «የተሻለች አዘጋጅቶልሃል» ሊሆን! ሁለቱንም በአንድ ቀን እሰድብ ነበር። ስለዚህ ለእሱም ያንኑ ላክሁለት። ሽሮውም ሁለት ድስት ሆነ፣ ምን ይደረግ።

እሱ አይቶ ዝም አለ። መልስ አያስፈልገውም ብዬ የለ? እሷ የከተማው የቀትር እንቅልፍ አልቆ ሱቆች ሲከፈቱ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ «ቃሪያ ይኑረው» አለችኝ።

አሁን ኢንቦክሴን እያየሁ ነው። «ማን ተወ?» «በገንዘብ ነው?» «ያቺ የሥራ ቦታ ልጅ ናት አይደል?» ወገኖቼ፣ ተው። አላውቅም፣ ባውቅም አልነግራችሁም።