አሰልጣኝ ሲሰናበት የሚያስረክበው

ኦልድ ትራፎርድ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2013። ማንቸስተር ዩናይትድ ስዋንሲን 2 ለ 1 አሸንፏል፤ ሊጉንም አስቀድሞ በእጁ አስገብቷል። ሲር አሌክስ ፈርጉሰን በሜዳቸው የመጨረሻውን ጨዋታ ጨርሰው ማይክ ጨበጡ። የተዘጋጀ ጽሑፍ እንዳልያዙ፣ እንደመጣላቸው እንደሚያወሩ ተናገሩ።

ጫማውን የሚሰቅለውን ፖል ስኮልስን አመሰገኑ። ታሞ ከሜዳ ለራቀው ዳረን ፍሌቸር መልካም ተመኙ። ለተጫዋቾቹ የለበሱት ማሊያ ምን ማለት እንደሆነ አስታወሱ። ከሁሉ የከበደው ቃል ግን ለደጋፊው የተናገሩት ነው። እሳቸው ክፉ ጊዜ ሲገጥማቸው ክለቡ ከጎናቸው እንደቆመ አስታውሰው፣ አሁን የእናንተ ሥራ ከአዲሱ አሰልጣኝ ጎን መቆም ነው አሉ።

ይህ ለወጉ የተባለ አልነበረም። ሰውዬው በ1986 መጥተው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሱት በ1990፣ ሊጉን ያሸነፉት ደግሞ በ1993 ነው። ትዕግሥት ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ታሪክ አይጻፍም ነበር።

ደጋፊው ቃሉን ሰማ። ለዴቪድ ሞዬስ በስታዲየሙ «የተመረጠው» የሚል ባነር ሰቀለ። ሆኖም ሞዬስ የስድስት ዓመት ውል ይዘው መጥተው አንድ የውድድር ዘመን እንኳ ሳይሞሉ በኤፕሪል 2014 ተሰናበቱ። ቡድኑም ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ምን ጎደለ? ፈርጉሰን ሲሰናበቱ ጊግስ 39፣ ፈርዲናንድ 34 ዓመታቸው ነበር። የዝውውሩን ጉዳይ የሚይዙት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም በዚያው ክረምት ለቀቁ። ሞዬስ ደጋፊውን ተረከቡ፤ የተረከቡት ቡድን ግን እያረጀ ነበር።

አሁን ወደ አንፊልድ እንምጣ። የርገን ክሎፕ መሄዱን የተናገረው በጃንዋሪ 2024 ነው። ክለቡ ተተኪ የሚፈልግበት ወራት አገኘ። ሜይ 19 ቀን ዎልቭስን 2 ለ 0 ካሸነፉ በኋላ ማይኩን ይዞ ለደጋፊው፣ እኔን እንደተቀበላችሁኝ እርሱንም ተቀበሉት አለ። ከዚያም የአርኔ ስሎትን ስም በዜማ ጠራ፤ ስታዲየሙም ተቀበለው። ክለቡ ገና ሹመቱን በይፋ አላሳወቀም ነበር፤ ያሳወቀው በማግስቱ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሊቨርፑል የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ዜማው ነው ያሸነፈው? አይደለም። ክሎፕ ከመሄዱ አንድ ዓመት በፊት ማክ አሊስተርን፣ ሶቦስላይንና ግራቨንበርክን አምጥቶ የመሐል ክፍሉን አድሶት ነበር። ስሎት ዋንጫውን ባነሳበት ዓመት ከአዲስ ፈራሚዎች ያሰለፈው ኪየዛን ብቻ ነው።

ሁለቱም አሰልጣኞች በስንብታቸው ያሉት ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ልዩነቱ ከንግግሩ በፊት በነበረው ዓመት ነው። የስንብት ቃል ለተተኪው የደጋፊውን ጆሮና ጥቂት የትዕግሥት ወራት ይገዛለታል። በእነዚያ ወራት የሚሰለፈውን ቡድን ግን ተሰናባቹ አስቀድሞ ሠርቶ መተው አለበት።